ሲስተሙ ሥራ የጀመረው መቼ ነው?

የፕሮግራም ባለሙያው «ሐምሌ 1 ነው» ይላል። ሥራ አስኪያጁ «ጥቅምት 10 ነው እንጂ፤ እንግዳ ጠርተን የመረቅነው ያን ቀን አይደለም እንዴ?» ይላል። የውል ክፍያዎችን የሚከታተለው የግዥ ኃላፊ ደግሞ የመጨረሻው ክፍያ የተለቀቀው ጥር ውስጥ ስለሆነ ከዚያ በፊት ተረክበናል ማለት አይቻልም ባይ ነው። ሦስቱም የሚያወሩት ስለ አንድ የብድር መቆጣጠሪያ ሲስተም ነው። ወሩን መዝጋት ያለባት የሂሳብ ባለሙያ ግን ከሦስቱ አንዱን መርጣ አንድ ቀን መጻፍ አለባት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየወሩ 40,000 ብር ወጪ ይመዘገባል፤ ከዚያ በፊት ግን አንድም ሳንቲም አይመዘገብም።

ተቋሙም ቁጥሮቹም ነገሩን ለማስረዳት ያሰናዳኋቸው ናቸው። አሥራ ሁለት ቅርንጫፍ ያለው፣ ሲስተሙን ከሌላ ከመግዛት ይልቅ በራሱ ባለሙያዎች ለማሠራት የወሰነ አንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም አስቡ። ክርክሩ ግን ምናባዊ አይደለም። ሶፍትዌር በቤቱ ያሠራ ድርጅት ሁሉ አንድ ቀን ይገጥመዋል፤ መልሱ ደግሞ የዓመቱን ትርፍ ከፍም ዝቅም ያደርጋል።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ደመወዝ ወጪ ነው። ወሩ ሲያልቅ ተከፍሎ ከዚያ ወር ገቢ ላይ ይቀነሳል። ታዲያ የፕሮግራመር ደመወዝ እንዴት ሀብት ሊሆን ይችላል? ቤት የሚያሠራ ሰውን እናስብ። ለግንበኛው፣ ለአናጢው፣ ለቀለም ቀቢው የከፈለው ገንዘብ ከኪሱ ወጥቷል፤ ግን አልጠፋም፤ ቤት ሆኖ ቆሟል። ገንዘቡ መልኩን ለወጠ እንጂ አልባከነም። አራት ፕሮግራመሮች ለዘጠኝ ወር ተቀምጠው የሠሩት ሲስተም ለሚቀጥሉት አምስት ዓመታት ብድር የሚያስተዳድር ከሆነ የዘጠኙን ወር ደመወዝ በሙሉ በዘጠኙ ወር ገቢ ላይ መጫን ለዚያ ዓመት ግፍ፣ ለሚቀጥሉት ዓመታት ደግሞ ያልተገባ ስጦታ ይሆናል። ስለዚህ ወጪው መጀመሪያ በሀብትነት ይመዘገባል፤ የሂሳብ ሰዎች ካፒታላይዝ ማድረግ የሚሉት ይህን ነው። ከዚያ ሲስተሙ በሚያገለግልባቸው ወራት ላይ እየተከፋፈለ ወደ ወጪ ይመለሳል። ለመኪናና ለሕንፃ ሲሆን የእርጅና ቅናሽ የምንለው ለማይዳሰስ ሀብት ሲሆን አሞርታይዜሽን ይባላል።

በኢትዮጵያ ይህ የሂሳብ ሹሙ የግል ምርጫ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣና የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ከተቋቋመ ወዲህ የፋይናንስ ተቋማትን ጨምሮ ሰፊ የሕዝብ ጥቅም ያለባቸው ድርጅቶች ዓለም አቀፉን የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ፣ አይ ኤፍ አር ኤስን፣ እንዲከተሉ ይጠበቃል። ከእነዚህ ደረጃዎች ስለማይዳሰሱ ሀብቶች የሚደነግገው አይ ኤ ኤስ 38 ነው። እኔ ይህን ደረጃ ለወጪ ሁለት በር እንዳበጀ አድርጌ ነው የማየው። በአንደኛው በር ወጪ ወደ ሀብትነት ይገባል፤ በሁለተኛው በር ሀብቱ ወደ ሥራ ወጥቶ ማለቅ ይጀምራል። ድርጅቶች ስለ መግቢያው ብዙ ይጨነቃሉ። ስህተት በብዛት ሲያልፍ ያየሁት ግን በመውጫው ነው።

የመግቢያው በር

ተቋማችን ከሐምሌ እስከ መስከረም 2016 ዓ.ም. ድረስ ሲያጠና ቆየ። ከውጭ እንግዛ ወይስ እንሥራ? የሌሎች ተቋማት ሲስተም ምን ይመስላል? የትኛው ዘዴ ያዋጣል? ለዚህ ጥናት 420,000 ብር ወጣ። ደረጃው ይህን የምርምር ምዕራፍ ይለዋል፤ ወጪውም ያለ አንዳች ክርክር በዚያው ወር ወጪ ሆኖ ይቀራል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ በዚያን ጊዜ ተቋሙ ሲስተም ይኑረው አይኑረው ገና አላወቀም።

ጥቅምት 1 ቀን ሁኔታው ተለወጠ። ባለሙያዎቹ የሠሩት ናሙና የወለድ ስሌቱን በትክክል አወጣ። ማኔጅመንቱ ሥራው ይጠናቀቅ፣ ተቋሙም ይገልገልበት ብሎ በቃለ ጉባኤ ወሰነ። በጀት ተለቀቀ፤ ሰው ተመደበ። ሲስተሙ ምን ያህል የወረቀት ሥራና የትርፍ ሰዓት ክፍያ እንደሚያስቀር ተሰልቶ ቀረበ። ወጪውን ነጥሎ የሚመዘግብ የሂሳብ መደብም ተከፈተ። ደረጃው የሚጠይቃቸው ስድስት ነገሮች ሲፍታቱ ከዚህ ብዙ አይርቁም። ሥራው በቴክኒክ የሚቻል መሆኑ፣ የመጨረስ ፍላጎት መኖሩ፣ የመጠቀም ወይም የመሸጥ አቅም መኖሩ፣ ጥቅም እንደሚያስገኝ መታየቱ፣ ለመጨረስ የሚያስፈልገው ገንዘብና ሰው መኖሩ፣ ወጪውም በአስተማማኝ ሁኔታ መለካት መቻሉ ናቸው። ስድስቱ አንድ ላይ ከተሟሉበት ቀን ጀምሮ የሚወጣው ወጪ ወደ ሀብት መደብ ይገባል።

ወደ ኋላ መመለስ ግን የለም። ሲስተሙ ተሳክቶ ካለቀ በኋላ አንድ ዳይሬክተር «ያ የጥናት 420,000 ብርም እኮ ለዚሁ ሥራ ነው የወጣው፤ ጨምሩት» ቢል አይቻልም። አንዴ ወጪ ሆኖ የተመዘገበ በኋላ ሀብት ሆኖ አይነሳም። ደረጃው ይህን በግልጽ ከልክሏል።

ከስድስቱ ነገሮች በተግባር ድርጅቶችን የሚያንገዳግደው የመጨረሻው፣ መለካቱ ነው። አራቱ ባለሙያዎች ለተቋሙ በወር በጠቅላላው 140,000 ብር ያስወጣሉ። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ለአዲሱ ሲስተም አይሠሩም። የቅርንጫፍ ኮምፒውተር ሲበላሽ ይጠራሉ፤ የድሮውን ሲስተም ይጠግናሉ፤ ስብሰባ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ታይምሺት ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ሰው በሳምንቱ ለየትኛው ሥራ ስንት ሰዓት እንዳዋለ የሚሞላበት ሰነድ ማለት ነው። በተቋማችን ታይምሺቱ ከሰዓታቸው 75 በመቶው ለአዲሱ ሲስተም እንደዋለ ስላሳየ በወር 105,000 ብር ወደ ሀብት መደብ ይገባል፤ የቀረው 35,000 ብር የወሩ ወጪ ሆኖ ይቀራል። ታይምሺቱ በየሳምንቱ ካልተሞላና የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ በግምት ከተጻፈ ኦዲተሩ በቀላሉ ያውቀዋል። የአራቱም ሰዎች መቶኛ በየወሩ እኩል ይሆናል። ፈቃድ ላይ የነበረ ሰው ሲሠራ እንደዋለ ተጽፎ ይገኛል። እንዲህ ያለ ሰነድ ያቀረበ ድርጅት ሥራውን በእርግጥ ሠርቶ ቢሆን እንኳ ወጪውን በሀብትነት የመያዝ መብቱን ሊያጣ ይችላል፤ ያሳዝናል፣ ግን ተገቢ ነው።

ከጥቅምት እስከ ሰኔ ያሉት ዘጠኝ ወራት በ105,000 ሲባዙ 945,000 ብር ይሆናሉ። የስልክ መተግበሪያውን ክፍልና የደኅንነት ፍተሻውን የሠራ የውጭ ድርጅት 1,300,000 ብር የሚያወጣ ሥራ አስረክቧል። ለሙከራ የተከራዩት ሰርቨር 155,000 ብር አስወጥቷል። ድምሩ 2,400,000 ብር ነው።

በዚህ ድምር ውስጥ የሌለውንም ማየት ያስፈልጋል። ስልሳ የብድር ሠራተኞችን ለማሠልጠን የወጣው 180,000 ብር የለበትም። ሥልጠና ሰውን ያዘጋጃል እንጂ ሲስተሙን አይሠራም፤ የሠለጠነው ሰው ነገ ሥራ ቢለቅ ዕውቀቱን ይዞ ይሄዳል። የዋናው መሥሪያ ቤት የቢሮ ኪራይና የአስተዳደር ሠራተኞች ደመወዝም የለበትም። የተገዙ ኮምፒውተሮችና ሰርቨሮች ካሉ እነሱም የሚዳሰሱ ሀብቶች ናቸውና የራሳቸው መዝገብ አላቸው። በተሳሳተ መንገድ ተሠርቶ የተጣለ ሥራ ካለም፣ የባከነው ጊዜ ተለይቶ በሚታወቅበት መጠን፣ ወጪ እንጂ ሀብት አይሆንም።

አንድ ማሳሰቢያ እዚህ ላይ ልጨምር። ይህ ሁሉ የሚሠራው ተቋሙ ሶፍትዌሩን በእጁ ሲይዘው ነው። በየወሩ ኪራይ እየከፈሉ በኢንተርኔት የሚገለገሉበት፣ በአቅራቢው ሰርቨር ላይ ያለ ሶፍትዌር ከሆነ፣ እሱን ለራስ እንዲመች ለማስተካከል የወጣው ገንዘብ በአብዛኛው ሀብት አይሆንም። የደረጃዎቹ ትርጓሜ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2021 ሚያዝያ ላይ ባሳተመው ውሳኔ ይህን ካብራራ በኋላ በብዙ አገር ያሉ ኩባንያዎች ከዚያ ቀደም በሀብትነት የያዙትን ወጪ ከመዝገባቸው ለማውጣት ተገደዋል።

የመውጫው በር

ደረጃው አሞርታይዜሽን የሚጀምረው ሀብቱ ለአገልግሎት ዝግጁ ሲሆን ነው ይላል። ዝግጁ ማለት ማኔጅመንቱ ባሰበው መንገድ መሥራት በሚችልበት ቦታና ሁኔታ ላይ መገኘቱ ነው። ቃሉን ልብ እንበል፤ «መሥራት ሲጀምር» አይልም፤ «መሥራት ሲችል» ነው የሚለው። አሜሪካ ውስጥ የሚሠራበት የሂሳብ ደንብ በሌላ አቅጣጫ መጥቶ እዚያው ይደርሳል፤ ዋና ዋና ሙከራዎች ሁሉ ሲጠናቀቁ ሶፍትዌሩ ለታሰበለት ሥራ ዝግጁ ነው ብሎ ይቆጥረዋል፤ ሥራ ላይ ዋለም አልዋለም። እዚያ የምትኖሩና በሂሳብ ሙያ የተሰማራችሁ አንባቢዎች ይህን ደንብ ታውቁታላችሁ። ወጪ ስለሚገባበት በር ሁለቱ ደንቦች ቢለያዩም ስለ መውጫው ቀን ግን ተቀራራቢ ነገር ነው የሚናገሩት።

አሁን ወደ ተቋማችን እንመለስ። በግንቦት ወር ሁለት ቅርንጫፎች ለሙከራ ተመረጡ። በነሱ ውስጥ አሮጌውና አዲሱ ሲስተም ጎን ለጎን እንዲሠሩ ተደረገ፤ እያንዳንዱ ብድር በሁለቱም ይመዘገባል፤ ማታ ውጤቱ ይነጻጸራል። በአዲሱ ሲስተም ላይ አንድ ስህተት ተገኘ። ብድሩን ከቀኑ በፊት ከፍሎ የሚጨርስ ደንበኛ ላልተጠቀመበት ጊዜም ወለድ ይታሰብበት ነበር። ይህ በገንዘብ ተቋም ውስጥ ተራ ስህተት አይደለም፤ የደንበኛን ገንዘብ ያለ አግባብ መውሰድ ነው። ስለዚህ በግንቦትና በሰኔ ሲስተሙ ሁለት ቅርንጫፍ ውስጥ በርቶ ቢታይም ዝግጁ አልነበረም። ሙከራ ላይ ነበር። ስህተቱ ታርሞ እንደገና ተነጻጸረ፤ ሰኔ 25 ቀን የኦፕሬሽን ኃላፊው «ተቀብያለሁ» ብሎ ፈረመ። ሰኔ 30 ሲስተሙ በዋናው ሰርቨር ላይ ተጭኖ የአሥራ ሁለቱም ቅርንጫፎች ሠራተኞች መግቢያ ተከፈተላቸው።

ሐምሌ 1 ቀን ግን ሥራ የጀመሩት እነዚያው ሁለት ቅርንጫፎች ናቸው። አሥሩ እስከ ጥቅምት ድረስ አንድ በአንድ ገቡ። የአንዱ የኢንተርኔት መስመር አልተዘረጋም፤ የሌላው ሥራ አስኪያጅ የዓመት ፈቃድ ላይ ነበር። ጥቅምት 10 ሁሉም ሲገቡ ምረቃው ተደረገ።

የፕሮግራም ባለሙያው ትክክል ነው። ቀኑ ሐምሌ 1 ነው። አሥሩን ቅርንጫፎች ያዘገያቸው የሲስተሙ ጉድለት አይደለም፤ የተቋሙ የራሱ ዝግጅት ነው። መኪና ገዝቶ መንጃ ፈቃድ እስኪያወጣ ግቢ ያቆመ ሰው መኪናው ዝግጁ አልነበረም ሊል አይችልም። የምረቃው ቀን ለሂሳብ ምንም ትርጉም የለውም። የመጨረሻው ክፍያም እንዲሁ። ጥር ላይ የተለቀቀው 130,000 ብር ከውሉ ለዋስትና የተያዘ አሥር በመቶ ነበር። ሥራው ሰኔ ላይ ስላለቀ ገንዘቡ ባይከፈልም ያኔውኑ ዕዳ ሆኖ በሲስተሙ ዋጋ ውስጥ ተካቷል። ወጪ የሚመዘገበው ሥራው ሲሠራ ነው፤ ቼክ ሲፈረም አይደለም።

ነገር ግን ታሪኩን አንድ ቦታ ላይ ብንለውጠው መልሱ ይለወጣል። አሥሩ ቅርንጫፎች የዘገዩት ሰርቨሩ ላይ ያለው ፕሮግራም ከሁለት ቅርንጫፍ በላይ ሲገባበት ስለሚቆም ቢሆንስ? ማኔጅመንቱ ሲስተሙን ያሰበው ለአሥራ ሁለት ቅርንጫፍ ነው። ሁለት ብቻ መሸከም የሚችል ሲስተም በታሰበው መንገድ መሥራት አይችልም፤ ስለዚህ ገና ዝግጁ አይደለም። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁለቱ ታሪኮች አንድ ዓይነት ናቸው፤ በሁለቱም ሐምሌ ላይ ሁለት ቅርንጫፍ ብቻ ይሠራል። የሚለያቸው ምክንያቱ ነው። ምክንያቱን የሚያሳየው ደግሞ ያልተፈቱ ችግሮች የሚመዘገቡበት የባለሙያዎቹ ሰነድ ነው። የሂሳብ ባለሙያዋ ይህን ሰነድ መጠየቅ አለባት። ሐምሌ 1 ላይ ክፍት የነበሩት ችግሮች የአዝራር ቀለምና የሪፖርት ቅርጽ ከሆኑ ሲስተሙ ዝግጁ ነበር፤ ሥራ የሚያስቆም ወይም ሂሳብ የሚያዛባ ችግር ከነበረበት ግን አልነበረም።

የቀኑ ምርጫ ለምን ይህን ያህል እንደሚያሳስበኝ በቁጥር ላሳይ። የመውጫው በር ሲከፈት ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል። አሞርታይዜሽን ይጀምራል፤ አዲስ ወጪ ወደ ሀብት መግባቱ ደግሞ ያቆማል። የሂሳብ ባለሙያዋ በሥራ አስኪያጁ ቃል ሄዳ ጥቅምትን ብትመርጥ የሐምሌ፣ የነሐሴና የመስከረም አሞርታይዜሽን፣ በጠቅላላው 120,000 ብር፣ ሳይመዘገብ ያልፋል። በእነዚያ ሦስት ወራት ባለሙያዎቹ ቅርንጫፎችን ሲያግዙና ትናንሽ ስህተት ሲለቅሙ የዋሉበት 315,000 ብር ደሞዝም እንደ ልማዱ ወደ ሀብት መደብ ይገባል። የሩብ ዓመቱ ትርፍ በ435,000 ብር ከፍ ብሎ ይታያል። ይህ ገንዘብ የትም አልመጣም፤ ቀን በማዘግየት ብቻ የተገኘ ትርፍ ነው። ለጊዜው ሁሉም ደስ ይለዋል፤ በኋላ ግን ያበጠው ሀብት 2,715,000 ብር ሆኖ በሚቀጥሉት ወራት ላይ በወር 45,250 ብር ይጭናል።

እንዲህ ያለ መዘግየት ምልክት አለው። የሶፍትዌሩ መደብ በየወሩ የደመወዝ ድርሻ እየተጨመረበት ያድጋል፤ የአሞርታይዜሽን መደቡ ግን ዜሮ ነው። በዚሁ ጊዜ ደንበኛ ብድር ሲከፍል የሚሰጠው ደረሰኝ ከአዲሱ ሲስተም ታትሞ ይወጣል። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ኦዲተር ሌላ ማስረጃ አያሻውም።

ስለዚህ ለዚያ ቀን አንድ አቃፊ እንዲዘጋጅ እመክራለሁ። የኦፕሬሽን ኃላፊው የፈረመበት የመቀበያ ሰነድ፣ በዚያ ቀን የቀሩት ችግሮች ዝርዝር፣ ሲስተሙ በዋናው ሰርቨር ላይ የተጫነበትን ሰዓት የሚያሳይ መዝገብ፣ የቅርንጫፎች መግቢያ የተከፈተበት ደብዳቤ ይግቡበት። የሂሳብ ክፍሉ ከእነዚህ ተነስቶ ቀኑን በአንድ ገጽ ጽፎ የፋይናንስ ኃላፊው ይፈርምበት። ከሁለት ዓመት በኋላ ኦዲተር ሲጠይቅ ባለሙያው ሥራ ለቆ፣ ኃላፊውም ተዛውሮ ሊሆን ይችላል።

በሩ ጨርሶ የማይከፈትበት ጊዜም አለ። የእንግሊዙ ቢቢሲ የቪዲዮ ካሴትን አስቀርቶ የፕሮግራም ዝግጅቱንና ማኅደሩን በአንድ ዲጂታል ሲስተም ለማገናኘት እ.ኤ.አ. በ2008 ትልቅ ሥራ ጀምሮ ነበር። ዲጂታል ሚዲያ ኢኒሼቲቭ ይሉት ነበር። ሥራው ሳይሰምር ቀርቶ በግንቦት 2013 እ.ኤ.አ. ሲሰረዝ የኪሳራው መጠን 98.4 ሚሊዮን ፓውንድ መሆኑ ተገለጸ። ዝግጁ ያልሆነ ሲስተም አሞርታይዜሽን ስለማይታሰብበት ዋጋው መዝገብ ላይ እንዳለ ይቆያል፤ ሲወድቅም በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ለዚህ ነው ደረጃዎቹ ገና ያላለቀ የማይዳሰስ ሀብት በየዓመቱ፣ ምልክት ታየም አልታየም፣ ዋጋውን የሚያወጣ መሆኑ እንዲፈተሽ የሚያዙት። ተቋማችን ሰኔ 30 ላይ ሲስተሙ ባያልቅለት ኖሮ ሰኔ የበጀት ዓመቱ መጨረሻ ስለሆነ ይህን ፍተሻ ማድረግ ግዴታው ነበር።

ወር በወር

ከሐምሌ ጀምሮ ያለው ሥራ ቀላል ነው። 2,400,000 ብሩ ለ60 ወር ይካፈላል፤ በኤክሴል ቢሆን እንዲህ ነው፤

```
=SLN(2400000,0,60)
```

መካከለኛው ዜሮ ሲስተሙ መጨረሻ ላይ የሚሸጥበት ዋጋ እንደሌለው ያሳያል። ውጤቱ 40,000 ነው። በየወሩ መጨረሻ የአሞርታይዜሽን ወጪ በዴቢት 40,000፣ የተጠራቀመ አሞርታይዜሽን በክሬዲት 40,000 ብር ይመዘገባል። ሂሳባቸውን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚዘጉ ሰዎች ጳጉሜን ሲደርስ ይጠይቁኛል። ዓመቱ በ12 ከተካፈለ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር ተጣምራ እንደ አንድ ወር ትያዛለች፤ ለብቻዋ ወጪ ከተመዘገበባት ግን ስድሳው ክፍያ ከአምስት ዓመቱ በፊት ያልቃል።

የሚያስቸግረው ማካፈሉ ሳይሆን 60 የሚለው ቁጥር ነው። ብዙዎች ከግብር ሕጉ ይወስዱታል። ደንብ ቁጥር 410/2009 ለኮምፒውተርና ለሶፍትዌር በቀጥተኛው ዘዴ 20 በመቶ የእርጅና ቅናሽ ስለደነገገ አምስት ዓመት የሚለው ቁጥር በሁሉም ጭንቅላት ውስጥ አለ። ያ ግን ለግብር ስሌት ነው። ለሂሳብ ሪፖርት የሚፈለገው ይህ ተቋም ይህን ሲስተም በእርግጥ ስንት ዓመት ይገለገልበታል የሚለው ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ሲስተሙን ሊተካ ያቀደ ተቋም ሦስት ዓመት ብሎ መመዝገብ አለበት፤ ከግብሩ ጋር ያለው ልዩነት በግብር ማስታወቂያው ላይ ይስተካከላል።

በዓመቱ አጋማሽ ተቋሙ ደንበኞች በስልካቸው ብድር የሚከፍሉበትን አዲስ ክፍል ጨመረ። ሥራው 540,000 ብር ፈጅቶ ከጥር 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ዝግጁ ሆነ። ይህ ሲስተሙ ከዚህ በፊት ያልነበረውን ችሎታ ስለሰጠው ሀብት ነው። በዚያው ጊዜ ስህተት ለማረምና ሲስተሙን በነበረበት ለማቆየት የወጣው ግን የወሩ ወጪ ነው። የአዲሱ ክፍል ዕድሜ ከዋናው አይረዝምም፤ ዋናው ሲጠፋ አብሮ ይጠፋልና። ከ60ው ወር ስድስቱ ስላለፉ 540,000 ለቀሩት 54 ወራት ይካፈላል፤ በወር 10,000 ብር። ከጥር ጀምሮ የወሩ ድምር 50,000 ብር ሆነ። ዓመቱ ሲዘጋ ከ2,940,000 ብሩ 540,000 ብር አልቆ 2,400,000 ብር ቀርቷል።

ሁለተኛው ዓመት ሲያልቅ ቀሪው 1,800,000 ብር፣ የቀረው ጊዜ ደግሞ 36 ወር ነበር። የሲስተሙ ዕድሜ ቢያንስ በየበጀት ዓመቱ መጨረሻ ይከለሳል፤ በዚያ ሰኔ የተደረገው ክለሳ ግን ከወትሮው የተለየ ነበር። ተቋሙ ከሌላ ተቋም ጋር ለመዋሃድ ወስኖ ስለነበር በ18 ወር ውስጥ ሁሉም ወደ አንድ የጋራ ሲስተም ይዛወራሉ። የሂሳብ ባለሙያዋ ወደ ኋላ ተመልሳ ያለፉትን ሁለት ዓመታት አላስተካከለችም፤ ያኔ የነበረው ግምት ያኔ በነበረው መረጃ ልክ ነበር። ቀሪውን ለቀሪው ጊዜ አካፈለችው፤ 1,800,000 ለ18 ወር። ከሐምሌ ጀምሮ የወሩ ወጪ ከ50,000 ወደ 100,000 ብር አደገ። ሥራ አስኪያጁ የሐምሌን ሪፖርት ሲያይ ደንግጦ ስልክ ደወለ፤ እሷም የውህደቱን ቃለ ጉባኤና የራሱን ፊርማ የያዘውን ገጽ ላከችለት።